ፋሲካው ነው ወይስ ማስታወቂያው?

የታሸገ ወተት የሚያመርት አንድ ድርጅት እናስብ። ምርቱ በየሰፈሩ ሱቅና በሱፐርማርኬት ይሸጣል፤ የሚተዋወቀው በቴሌቪዥን፣ በኤፍኤም ሬዲዮና በቢልቦርድ ነው። ድርጅቱ በዐቢይ ጾም ማስታወቂያውን ያቆምና ፋሲካ ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ያጥለቀልቀዋል። ከበዓሉ በኋላ ሽያጩ ሽቅብ ይወጣል። የማስታወቂያ ክፍሉ «ቴሌቪዥኑ ሠራ» ይላል፤ የፋይናንስ ኃላፊው ደግሞ «ጾም ተፈታ እንጂ ምን ሠራ?» ብለው ይሞግታሉ። ሱቅ ገብቶ ወተት የገዛ ሰው ሬዲዮ ሰምቶ ይምጣ ቢልቦርድ አይቶ የሚመዘግብ ስለሌለ፣ ክርክሩ በየዓመቱ ድምፁ ጎላ ላለው ወገን ይፈረድለታል።

ይህን ክርክር በቁጥር ለመዳኘት የሚያገለግለው ዘዴ ማርኬቲንግ ሚክስ ሞዴሊንግ ይባላል። ገዢውን አንድ በአንድ አይከተልም፤ ስልኩንም አይሰልልም። የሚጠይቀው በየሳምንቱ ምን ያህል እንደተሸጠና በየትኛው የማስታወቂያ መንገድ ምን ያህል እንደወጣ ብቻ ነው። ዘዴው ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። የሰው ሁሉ ጠቅታ መቆጠር ሲጀምር ችላ ተብሎ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አፕል መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን ከመከታተላቸው በፊት ፈቃዱን እንዲጠይቁ ካስገደደ ወዲህ ግን ተፈላጊነቱ ተመለሰ። ሜታ «ሮቢን»፣ ጉግል ደግሞ «ሜሪዲያን» የተባሉ ነጻ ሶፍትዌሮችን ለዚሁ ሥራ አውጥተዋል። ድሮም ጠቅታ ለማያውቀው የሱቅ ገበያ ግን ከመጀመሪያውም የሚስማማው ይኸው ዘዴ ነበር።

ሠንጠረዡ

ሥራው የሚጀምረው በአንድ ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ሳምንት ነው፤ የሁለት ዓመት መዝገብ 104 መስመር ይሆናል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ እያንዳንዱ በዓል አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚታይ፣ የበዓሉን ውጤት ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

ሽያጩ የሚጻፈው በሊትር እንጂ በብር አይደለም። ዋጋ በጨመረ ቁጥር የብሩ መጠን ያድጋል፤ የተሸጠው ወተት ግን ቀንሶ ሊሆን ይችላል። በተለይ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያለውን ጊዜ ከበፊቱ ጋር በብር ማወዳደር ያሳስታል። የአንድ ሊትር ዋጋ ራሱን የቻለ ዓምድ ይሰጠዋል።

የማስታወቂያው ወጪ ደግሞ የሚገባው ማስታወቂያው በተላለፈበት ሳምንት ነው። ብዙ ጊዜ ሒሳብ ክፍል ያለው መዝገብ ክፍያው የተፈጸመበትን ቀን ያሳያል። የሦስት ወር የሬዲዮ ክፍያ በአንድ ቼክ ከተከፈለና እንዳለ ከተገለበጠ፣ ሞዴሉ በአንድ ሳምንት ከፍተኛ ማስታወቂያ፣ በሚቀጥሉት አሥራ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ዝምታ ያያል። የሽያጩም ነገር እንዲሁ ነው። ከፋብሪካ ወደ አከፋፋይ የወጣው ወተት ከሱቅ ከተሸጠው ጋር አንድ አይደለም፤ አከፋፋዮች ለበዓል አስቀድመው መጋዘን ይሞላሉና።

ጾሙን መቁጠር

አሁን ወደ ፋይናንስ ኃላፊው ሙግት እንመለስ። ወተት የፍስክ ምግብ ስለሆነ፣ ከማስታወቂያ ውጭ ሽያጩን በኃይል የሚያንቀሳቅሰው ጾም ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ «በሳምንቱ ውስጥ ያሉ የጾም ቀናት» የሚል ዓምድ እንጨምራለን። በተለመደው ሳምንት ረቡዕና ዓርብ አሉ፤ 2 ይጻፋል። በጾመ ነነዌ ሳምንት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያሉት ሦስት ቀናት ከዓርብ ጋር 4 ይሆናሉ። በሁዳዴ 7 ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ 0 ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሪግሬሽን የሚባለው ስሌት ይገባል። የሚሠራው በጭሩ እንዲህ ነው፦ በሌላው ሁሉ የሚመሳሰሉ፣ በሬዲዮ ወጪ ግን የሚለያዩ ሳምንታትን አነጻጽሮ በሽያጫቸው መካከል ያለውን ልዩነት ለሬዲዮ ይሰጣል። ለቴሌቪዥኑም፣ ለዋጋውም፣ ለጾሙም በአንድ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል።

ለማሳያ ያህል ስሌቱ «አንድ የጾም ቀን ሽያጩን በ1,500 ሊትር ይቀንሳል» አለ እንበል። የሁዳዴ ሳምንት 7 የጾም ቀናት አሉት፤ ከፋሲካ ማግስት ያለው ሳምንት አንድም የለውም። በሁለቱ መካከል ማስታወቂያ ሳይነካው የሚፈጠረው ልዩነት 10,500 ሊትር ነው ማለት ነው። የጾሙ ዓምድ ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ሊትር በዚያው ሰሞን ለጀመረው ቴሌቪዥን ይጻፍለት ነበር። ስሌቱ አይሳሳትም፤ ያልተነገረውን ነገር ግን ሊያውቅ አይችልም።

የሚቆይና የሚጠግብ

የማስታወቂያ ውጤት በተላለፈበት ሳምንት አያበቃም። ሰኞ የተሰማ ማስታወቂያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱቅ ፊት ሊታወስ ይችላል። እንግሊዛዊው ሳይመን ብሮድበንት እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን ቅሪት በስሌት የሚያስገባበትን መንገድ አቀረበ፤ እስከ ዛሬ «አድስቶክ» ይባላል። ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚተላለፈው ግማሹ ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት የወጣ 100,000 ብር በሚቀጥለው ሳምንት እንደ 50,000፣ ከዚያም እንደ 25,000 እየተቆጠረ ይከስማል። ግማሽ ይሁን ሌላ አስቀድሞ አይታወቅም። የተለያዩ መጠኖች ተሞክረው ሽያጩን የተሻለ የሚገልጸው ይመረጣል። ይህንንም በደንብ የሚያሳዩት ማስታወቂያው ከቆመ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው።

ሁለተኛው ጠባይ መጥገብ ነው። ሬዲዮ አድማጩ ማስታወቂያውን በቀን ሦስቴ ከሰማ አራተኛው ብዙም አይጨምርለትም። ስለዚህ ወጪ ሲያድግ ሽያጭ በቀጥታ መስመር አያድግም፤ እየጎበጠ ይሄዳል። ለሬዲዮ እንዲህ ያለ መስመር ተገኘ እንበል፤ በየሳምንቱ 50,000 ብር ሲወጣ 2,500 ሊትር ይጨምራል፣ ወጪው ወደ 100,000 ሲያድግ ግን ጭማሪው 3,333 ሊትር ብቻ ይሆናል። ወጪው እጥፍ ሲሆን ውጤቱ በሲሶ ነው ያደገው።

ድርሻውን መክፈል

እነዚህ ሁሉ ሲገቡ አንድ የተለመደ ሳምንት ሊከፋፈል ይችላል። በምሳሌያችን የሳምንቱ ሽያጭ 40,000 ሊትር ነው። ከዚህ ውስጥ 33,000 ያለ ምንም ማስታወቂያ የሚሸጥ መነሻ ነው። 3,500 ከቴሌቪዥን፣ 2,500 ከሬዲዮ፣ 1,000 ከቢልቦርድ የመጣ ነው። ለቴሌቪዥን 175,000 ብር፣ ለሬዲዮ 50,000 ብር ወጥቷል።

በሊትር ብዛት ቴሌቪዥን ይበልጣል። በወጪ ሲካፈል ግን ቴሌቪዥን ያመጣው አንድ ሊትር 50 ብር፣ ሬዲዮ ያመጣው ደግሞ 20 ብር ፈጅቷል። ድርጅቱ ከአንድ ሊትር የሚያተርፈው ከማስታወቂያ በፊት 40 ብር ከሆነ፣ ቴሌቪዥኑ እያከሰረ ነው።

«እንግዲያውስ የቴሌቪዥኑን ገንዘብ ወደ ሬዲዮ እናዙር» ማለት እዚህ ላይ ይቀናል፤ የሚያስከፍለው ስሕተትም ያ ነው። ሬዲዮ ላይ ሌላ 50,000 ብር ቢጨመር የሚገኘው 833 ሊትር ነው፤ አንዱ ሊትር 60 ብር ሊፈጅ ነው። 20 ብር እስካሁን የወጣው ገንዘብ አማካይ እንጂ ቀጥሎ የሚወጣው ብር ዋጋ አይደለም። በጀት የሚመደበው ቀጥሎ በሚወጣው ብር ነው። በዚህ ስሌት ትክክለኛው ውሳኔ ሬዲዮን ባለበት አቆይቶ ቴሌቪዥንን መቀነስ ይሆናል።

ሞዴሉ ሲያታልል

የጾም ዓምድ መጨመሩ ብቻውን የማያድንበት ሁኔታ አለ። ድርጅቱ ሁልጊዜ በሁዳዴ ቴሌቪዥን የሚያቆም፣ ሁልጊዜ በፍስክ የሚከፍት ከሆነ ሁለቱ ዓምዶች አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሆናሉ። ሽያጩ የጨመረው በማን ምክንያት እንደሆነ መዝገቡ ውስጥ መልስ የለም፤ የቱንም ያህል የረቀቀ ሶፍትዌር ከሌለበት አያወጣውም። ይህ እየሆነ እንደሆነ የሚነግሩ ምልክቶች አሉ። አሥር ሳምንት ያህል ከሠንጠረዡ አውጥቶ ስሌቱን መድገም አንዱ መፈተኛ ነው። የቴሌቪዥን ድርሻ ከ3,500 ወደ 8,000 ከዘለለ፣ ወይም ማስታወቂያ ሽያጭ ይቀንሳል የሚል አሉታዊ ቁጥር ከመጣ፣ ክፍፍሉ አይታመንም።

ብዙዎች የሚመኩበት ሌላ ፈተና አለ። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ከሞዴሉ ደብቆ ሽያጫቸውን እንዲተነብይ ማድረግ ነው። ፈተናው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ድምሩን በትክክል የተነበየ ሞዴል ክፍፍሉን ሊሳሳት ይችላል። ጾምና ቴሌቪዥን አብረው እስከሄዱ ድረስ ምስጋናውን ለማንም ቢሰጥ ድምሩ ያው ነው።

ምስጋናን ለተሳሳተ ወገን መስጠት በትልልቅ ኩባንያዎችም ይደርሳል። ኢቤይ በኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ ስሙን ለሚጽፉ ሰዎች ማስታወቂያ ለማሳየት ይከፍል ነበር፤ በጠቅታ መዝገቡ ላይ ማስታወቂያው ብዙ ገዢ ያመጣ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በያሁና በኤምኤስኤን ላይ ይህን ማስታወቂያ ሲያቆም ጎብኚዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ማስታወቂያ ባልሆነው ነጻ ሊንክ በኩል መጡ። ስሙን የጻፈ ሰው ድሮም ሊመጣ የተነሣ ነበር። ጥናቱን ቶማስ ብሌክ፣ ክሪስ ኖስኮና ስቲቨን ታደሊስ በ2015 አሳትመውታል።

ኢቤይ እውነቱን ያወቀው አቁሞ በማየቱ ነው። ለወተቱ ድርጅትም መንገዱ ይኸው ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ በከተማ ስለሚለያይ፣ በሐዋሳ ለስድስት ሳምንት ተቋርጦ በባሕር ዳርና በድሬዳዋ እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። የሐዋሳ ሽያጭ ከሌሎቹ አንጻር የቀነሰበት መጠን የሬዲዮው እውነተኛ ድርሻ ግምት ይሆናል፤ ሞዴሉም ከዚያ ጋር ይመሳከራል። መላ አገሪቱን የሚሸፍነውን ቴሌቪዥን በከተማ መክፈል ስለማይቻል፣ በጊዜ መክፈል ያስፈልጋል። በሁዳዴ ውስጥ ሁለት ሳምንት ቴሌቪዥን መክፈት፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት የፍስክ ሳምንታት ደግሞ ሁለቱን መዝጋት ማለት ነው። በሁዳዴ የወተት ማስታወቂያ ማስተላለፍ ገንዘብ ማባከን ይመስላል፤ አድማጩንም ላለማስቀየም ለሕፃናት የሚሆነውን ወተት ብቻ ማስተዋወቅ ይመረጥ ይሆናል። ያም ሆኖ የዓመቱ በጀት ከመጽደቁ በፊት የማስታወቂያ ክፍሉና የፋይናንስ ኃላፊው እነዚህን አራት ሳምንታት አብረው መርጠው ቢፈራረሙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ክርክራቸውን የሚፈታ ማስረጃ መዝገቡ ውስጥ ያገኛሉ።