የጠፋው ፋይልና የተሳሳተችው ፊደል

ፖስተሩ በየግሩፑ ከተሰራጨ በኋላ አንድ ሰው «አዳራሽ» የሚለው ቃል «አደራሽ» ተብሎ መጻፉን ያያል። ዲዛይነሩ ሲጠየቅ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ፎርማት ተደርጓል፤ የፎቶሾፑ ፋይል የለም፣ በእጅ የቀረው የጄፔግ ምስል ብቻ ነው። በዋናው ፋይል ላይ ጽሑፉና መደቡ በየራሳቸው ሌየር ስለሚቀመጡ እርማቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። በጄፔጉ ላይ ግን ሁሉም ተጨፍልቆ አንድ ሆኗል። ፊደል የሚባል ነገር የለም፤ ያሉት ባለቀለም ነጥቦች ናቸው። ከ«ደ» ጀርባ ምን ቀለም እንደነበረም ፋይሉ ላይ አልተመዘገበም።

ወደ እርማቱ ከመግባት በፊት የተሻለ ቅጂ መፈለግ ያዋጣል። ማተሚያ ቤቱ ፒዲኤፍ ተልኮለት ከሆነ፣ በዚያ ውስጥ ጽሑፉ ሳይጨፈለቅ ሊገኝ ይችላል። ያ ባይኖር እንኳ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል የተላከው ምስል ይመረጣል፤ ቴሌግራም ፎቶን አሳንሶና ጨምቆ ነውና የሚያደርሰው።

ጄፔግ ብቻ ከቀረ፣ የምንፈልጋት ፊደል አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ፖስተር ላይ አለች። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ወዲያው ፎንት ፍለጋ ይሮጣል። ፖስተራችን ከላይ በትልቁ «ቅዳሜ በ8 ሰዓት»፣ ከሥሩ በትንሹ «በባህል አደራሽ» ይላል እንበል። ፊደሎቹ ነጭ ናቸው፤ መደቡ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወደ ታች እየጠቆረ ይሄዳል። ሁለቱም መስመሮች በአንድ ፎንት ከተጻፉ፣ «ቅዳሜ» ውስጥ ያለችው «ዳ» የምንፈልጋት ራሷ ናት።

መጀመሪያ የተሳሳተችው «ደ» ትሸፈናለች። መደቡ የሚለወጠው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ፣ በአንድ ከፍታ ላይ ከግራ እስከ ቀኝ ቀለሙ ያው ነው። ስለዚህ ከመስመሩ ዳር፣ ጽሑፍ ከሌለበት ቦታ፣ «ደ»ን የሚሸፍን ቁራጭ ይወሰድና በአዲስ ሌየር ላይ ይቀመጣል። ፎቶሾፕ ላይ Shift ተይዞ ሲጎተት ቁራጩ ከፍታውን ሳይለቅ ወደ ጎን ብቻ ይሄዳል። መደቡ ፎቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ዘዴ አይሠራም ነበር፤ ያኔ በ Clone Stamp ከአካባቢው ጥቂት በጥቂት እየቀዱ መሙላት ግድ ይላል።

ቀጥሎ «ዳ» ከነመደቧ በአራት ማዕዘን ተቆርጣ ትመጣለች። ምን ያህል ማሳነስ እንደሚያስፈልግ የምትነግረን በሁለቱም መስመር ያለችው «በ» ናት። ላይኛዋ 120 ፒክስል፣ ታችኛዋ 80 ፒክስል ከፍታ ካላቸው፣ «ዳ»ም ወደ ሁለት ሦስተኛዋ ትቀነሳለች። ማሳነስ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ከትንሽ ጽሑፍ ወስዶ ማሳደግ ግን ፊደሏን ያደበዝዛታል።

አሁን ችግሩ ከ«ዳ» ጋር የመጣው አረንጓዴ ነው፤ ከታችኛው መደብ ስለሚፈካ እንደ ጥፍጥፍ ይታያል። የሌየሩን አቀማመጥ Lighten ላይ ስናደርገው ከሁለቱ የሚፈካው ቀለም ብቻ ይታያል። ስለዚህ አስቀድመን በ Levels የጥቁሩን መቆጣጠሪያ ወደ ቀኝ እየገፋን አረንጓዴውን ጥቁር እናደርገዋለን። ነጩ ፊደል ይቀራል፣ ዙሪያው ይጠፋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ነው፤ ከልክ በላይ ከተገፋ የፊደሏ ጠርዝ ይበላና ከጎረቤቶቿ ቀጥና ትታያለች።

ስታንስ ጠርዟ ስለሚጠራ፣ ጨመቃ ካለፈባቸው ከ«አ» እና ከ«ራ» ይልቅ ስል ሆና ልትለይ ትችላለች። ግማሽ ፒክስል ያህል Gaussian Blur ያስተካክላታል። ከዚያ ከሁሉ በላይ ጊዜያዊ Levels ጨምሮ ምስሉን ከመጠን በላይ ማፍካት ጥሩ ፈተና ነው፤ በዓይን ያልታየው የቁራጩ ጠርዝ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሥራው ከነሌየሩ ይቀመጥ፤ ጄፔግ የሚወጣው በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በተደጋጋሚ ከፍቶ ማስቀመጥ በፊደሎቹ ዙሪያ ያለውን ብናኝ ያበዛዋል።

ፖስተሩ ላይ «ዳ» ከሌለችስ? ያኔ ፎንት ይፈለጋል። ቃሉን በኒያላ፣ በአቢሲኒካ ወይም በሌላ ፎንት ጽፎ፣ ግማሽ ግልጽ አድርጎ በዋናው ላይ በማነባበር ይፈተሻል። ልክ የሚገጥም ካልተገኘ፣ አንዷን ፊደል ብቻ በሚቀራረብ ፎንት መተካት በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ዓይን በአንድ ቃል ውስጥ ባዕድ ፊደልን ቶሎ ይለያል። መስመሩን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ፎንት መጻፍ ይሻላል፤ አንባቢ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ይህ ሁሉ ለስልክ ስክሪን ነው። ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል የሆነ ምስል 42 ሳንቲ ሜትር በሚረዝመው ኤ3 ወረቀት ላይ ሲታተም በአንድ ኢንች 77 ነጥብ ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ለጥሩ ኅትመት የተለመደው 300 ነው። ለማተሚያ ቤት ከሆነ ቃሉን ማረም አይበቃም፤ ምስሉን ከሥር እንደ ንድፍ አስቀምጦ ጽሑፉን በሙሉ እንደ አዲስ መጻፍ ያስፈልጋል።