ራጅ የምታነብ ተማሪ ለመምህሯ ምን ትጻፍ?

የሕክምና ተማሪ ለራዲዮሎጂ መምህሩ «ራጅ ማንበብ እየተለማመድኩ ነውና አስተያየት ይስጡኝ» ብሎ ሲጽፍ፣ መምህሩ ብዙ ጊዜ ምን እንደሚመልስ ይቸግረዋል። ተማሪው ስንቱን እንደሳተ ቢነገረውም ለምን እንደሳተ እስካልታየው ድረስ ምክሩ «ደጋግመህ ተለማመድ» ከማለት አያልፍም። ራጅ ላይ የሚሠራ ስሕተት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም።

ይህን በግልጽ ያሳዩት ሃሮልድ ከንዴል፣ ካልቪን ኖዲንና የሥራ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የደረት ራጅ የሚያነቡ ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ እየተከታተሉ፣ ሳንባ ውስጥ ያለ ትንሽ እባጭ ሲታለፍ ዓይናቸው የት እንደነበር መረመሩ። አንዳንዴ ዓይን ወደ ቦታው ጭራሽ አልሄደም። አንዳንዴ ደርሶበት ሳይቆይ አልፏል። ብዙውን ድርሻ የያዘው ግን ሦስተኛው ነበር፤ አንባቢው እባጩ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆይቶ «ምንም አይደለም» ብሎ ትቶታል። ለመጀመሪያው ስሕተት የሚረዳው ምክር ለሦስተኛው አይሠራም።

ስለዚህ የሚጠቅም ደብዳቤ፣ ተማሪዋ በየትኛው መንገድ እንደሳተች መምህሩ እንዲለይ የሚያስችል ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ እናስብ፦

«ለተከበሩ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ጊዜዎን ላለመሻማት አንድ ራጅ ብቻ ልኬያለሁ። ትኩሳትና ሳል ይዞት የመጣ የ40 ዓመት ሰው የደረት ራጅ ነው። ሪፖርቱን ከማየቴ በፊት ያነበብኩትን ጽፌ ነበር፤ እንዳለ ይኸው። በቀኝ ሳንባ ታችኛው ክፍል ነጭ ጥላ አየሁ፤ ሳንባ ምች ነው አልኩ፤ እርግጠኛ ነበርኩ። በግራ ሳንባ ጫፍ፣ ከክላቪክል አጠገብ፣ ትንሽ ንጣት አይቻለሁ። ክላቪክልና የመጀመሪያው የጎን አጥንት የተደራረቡበት መስሎኝ ተውኩት፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ከልብ ጀርባ ያለውን አላየሁም። ሪፖርቱ በቀኙ ከእኔ ጋር ይስማማል፤ የግራው ግን ለቲቢ የሚያጠራጥር ስለሆነ አክታ ይመርመር ይላል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ የተደራረበ አጥንትን ከእውነተኛ ጥላ በምን ልለየው?»

ይህን ያነበበ መምህር የሚመልሰው አያጣም። ተማሪዋ የግራውን ንጣት አይታዋለች፤ የሳተችው በውሳኔዋ ላይ ነው። ቀድማ ሳንባ ምቹን ማግኘቷም ሳያዘናጋት አልቀረም። ሕመምተኛውን የሚያስረዳ መልስ አንዴ ከተገኘ ለቀሪው ፊልም የሚሰጠው ትኩረት ይላላል፤ ልምድ ያላቸው ሐኪሞችም በዚህ ይሳሳታሉ።

ለጥያቄዋ የሚሰጣት መልስ ከማነጻጸር ይጀምራል። መጀመሪያ ሰውየው ፊልሙ ሲነሣ ቀጥ ብሎ መቆሙን ታረጋግጥ፤ የሁለቱ ክላቪክሎች ውስጠኛ ጫፎች ከጀርባ አጥንቱ መሃል እኩል ካልራቁ ሰውየው ዞሯል፣ የግራና የቀኝ ንጽጽርም አይታመንም። ቀጥ ብሎ ከቆመ የቀኙን ጫፍ በዚያው ከፍታ ትመልከት። አጥንት ሲደራረብ በሁለቱም ጎን ተመሳሳይ ነገር መታየቱ የተለመደ ነው። ቀጥላ የንጣቱን ጠርዝ ትከተል፤ የአጥንቱን ጠርዝ ይዞ የሚሄድ ከሆነ አጥንት ሊሆን ይችላል፤ ከአጥንቱ ወጥቶ ወደ ሳንባው ከተዘረጋ ግን ልትተወው አይገባም። የመጀመሪያው የጎን አጥንት ከቅርጫፍ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በአንድ ወገን ብቻ ወፍሮ ስለሚያሳስት፣ የቆየ ራጅ ካለ ጎን ለጎን ማየት ይረዳል። ጥርጣሬው ካልጠራ ታማሚው ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ሌላ ፊልም ይነሣል፤ ያኔ ክላቪክሎቹ ወደ ላይ ወጥተው የሳንባው ጫፍ ይገለጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ራጅ ቲቢን ያስጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም፤ አክታው መመርመር አለበት።

ከልብ ጀርባ ያለው ቦታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ጭራሽ ስላላየች የሚያስፈልጋት ሁልጊዜ የምትከተለው ቅደም ተከተል ነው። ሁለቱን የሳንባ ጫፎች፣ ከልብ ጀርባና ከድያፍራም በታች ያለውን፣ ሌላ ነገር አገኘችም አላገኘችም ሳትመለከት ፊልሙን አታስቀምጥ። ከልብ ጀርባ በግራ በኩል የድያፍራሙ መስመር በልብ ጥላ ውስጥ አልፎ መታየት አለበት። መስመሩ ከጠፋ እዚያ ያለው ሳንባ አየሩን አጥቶ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የምትጽፉ ተማሪዎች፣ ሪፖርቱን ከመክፈታችሁ በፊት ያያችሁትንና የእርግጠኝነታችሁን መጠን በጽሑፍ አስፍሩ፤ ያላያችሁትንም ቦታ አትደብቁ። ምስሉን የምትልኩት የሆስፒታላችሁ ደንብ በሚፈቅደው መንገድ ብቻ ይሁን፤ ከመላካችሁ በፊትም የታካሚው ስምና የካርድ ቁጥር ከላዩ ላይ መጥፋቱን አረጋግጡ።