«ሞተሩ ደህና ነው» አይበቃም

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። መካኒኩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ሰፈሩን አንድ ዙር ነድቶ ይመለስና «ሞተሩ ደህና ነው» ይላል። ገዢውም በዚህች ቃል ተማምኖ ለዓመታት ያጠራቀመውን ብር ያስረክባል። ቃሏ ግን ምን እንደተለካ አትናገርም፤ ነገ ችግር ቢመጣም ተመልሶ የሚታይ ነገር የላትም።

መካኒኩን መምረጥ ያለበት ገዢው ራሱ ነው፤ ክፍያውም መኪናው ተገዛም አልተገዛም ያው መሆን አለበት። ደላላው «የማውቀው ልጅ አለ» ብሎ የሚያመጣው ባለሙያ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ገለልተኛ ግን አይደለም። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ይህን አይተካም። እሱ የሚያየው መኪናው መንገድ ላይ ለመውጣት ብቁ መሆኑን እንጂ ሞተሩ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው አይደለም።

ጥሩ ምርመራ የሚጀምረው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀ፣ ሞተሩ ገና ሲነሳ ብቻ የሚታየው ሰማያዊ ጭስና የሚሰማው ኳኳታ ያመልጣሉ። መኪናው ከተነዳና ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ደግሞ ተራው የኮምፕሬሽን ልኬት ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉት እሱን ነው። ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፣ ነዳጁና የካንዴላው እሳት ይቋረጣል፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሩ በሞተሪኖ ይሽከረከራል። መለኪያው እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል አምቆ እንደሚይዝ በቁጥር ያሳያል።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ጉዳይ አላት። የ1.5 ሊትር ያሪስ ሞተር የፋብሪካ ቁጥር 213 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ከተማዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሞተር እንኳ ከፋብሪካው ቁጥር ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ 160 አካባቢ ይለካል። ስለዚህ ቁጥሩ ከመጽሐፉ አነሰ ብሎ መደንገጥ አይገባም። መታየት ያለበት ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚራራቁ ነው፤ ለዚህ ሞተር ልዩነቱ ከ14 ፒኤስአይ ማለፍ የለበትም።

አንድ ገዢ እጁ የገባው ሪፖርት 160፣ 158፣ 118 እና 157 ይላል እንበል። ሦስተኛው ሲሊንደር ታሟል። ጥያቄው በሽታው የት ነው የሚለው ነው። መካኒኩ በዚያው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ደግሞ ይለካል። ቁጥሩ ወደ 150 ከዘለለ የሚያልፈው በፋሻዎቹ በኩል ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ደፍኖታል፣ ጥገናው ግን ሞተር ማውረድ ነው። ካልተነቃነቀ ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ወይም ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ይሄዳል፤ ቴስታታውን ብቻ ማንሳት ሊበቃ ይችላል። የሁለቱ ጥገናዎች ዋጋ በጣም ስለሚለያይ፣ ሪፖርቱ አራቱንም ቁጥሮችና የዘይቱን ውጤት ካልያዘ ገዢው በምን ላይ ተመሥርቶ ዋጋ እንደሚደራደር አያውቅም።

የቀለም ውፍረትም የሚለካው በቁጥር ነው። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ጣሪያው ብዙም ስለማይነካ ለማነጻጸር ይረዳል። በዚሁ መኪና ጣሪያው 110፣ የቀኝ ፓራፋንጎው 260፣ የኋላ ምሰሶው 900 ቢሆን ሦስቱም የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ፓራፋንጎው ድጋሚ ተቀብቷል፤ በብሎን የሚፈታ አካል ስለሆነ ብዙም አያስጨንቅም። ምሰሶው ግን የቀፎው አካል ነው፤ 900 ማይክሮን ማለት ደግሞ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው። ከባድ ግጭት ሊሆን ይችላል፤ በክሪክ ወይም በማንሻ ተነሥቶ ሻንሲው ላይ የብየዳ ምልክት መኖሩ መታየት አለበት።

በኮምፒውተር ምርመራው ክፍል «ኮድ አልተገኘም» የሚለው ብቻውን አያጽናናም። ከመምጣቱ በፊት ኮዶቹ ተሰርዘው ወይም ባትሪው ተፈትቶ ከሆነ፣ መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ዑደቶች ገና አልተጠናቀቁም ብሎ መሣሪያው ያሳያል። ሪፖርቱ ይህን መጥቀስ አለበት፤ ያልተጠናቀቀ ከሆነ መኪናው ጥቂት ቀናት ተነድቶ ድጋሚ ይነበብ።

ገዢዎች ብዙም የማያነቡት ያልታየውን የሚዘረዝረው ክፍል ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሳይፈታ ውስጡ አይታይም፤ መካኒኩ ሊመሰክር የሚችለው ቀዝቅዞም ሞቆም ማርሽ ሲቀይር ስለሚያሳየው ጠባይ ብቻ ነው። ሻጩ ካንዴላ እንዲፈታ ካልፈቀደ «ኮምፕሬሽን አልተለካም፤ ሻጩ አልፈቀደም» ተብሎ ይጻፍ። ከላይ ደግሞ ቀኑ፣ የቆጣሪው ኪሎሜትር፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉ ይስፈር።

ያሪሱን ሊገዛ ያሰበው ሰው ሪፖርቱን ይዞ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዶ የፋሻ ሥራ ስንት እንደሚያስወጣ ይጠይቃል፣ ያንን ከዋጋው ላይ እንዲቀነስለት ይደራደራል። ምሰሶው ግን በዋጋ ቅናሽ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። ሻንሲው ላይ ብየዳ ከተገኘ ሞተሩ ተጠግኖም ቢሆን መኪናውን መተው አለበት።