ዝምታን የሚቆጥር ጠባቂ

ጊትላብ የፕሮግራም ባለሙያዎች የጻፉትን ኮድ የሚያስቀምጡበት ትልቅ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት ላይ አንድ የድርጅቱ መሐንዲስ የዳታቤዝ ችግር ለመፍታት ሲታገል ቆይቶ፣ ባዶ መስሎት የነበረውን የመረጃ ማህደር እንዲጠፋ አዘዘ። ትእዛዙ የተሰጠው ግን በተጠባባቂው ሳይሆን በዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። ስህተቱን አውቆ በሰከንዶች ውስጥ ቢያስቆመውም ወደ 300 ጊጋባይት የሚጠጋ መረጃ ጠፍቶ ነበር።

እንዲህ ያለ ስህተት በየትም ቦታ ይደርሳል፤ ባክአፕ የሚያዘውም ለዚሁ ነው። ጊትላብም በየ24 ሰዓቱ የዳታቤዙን ቅጂ አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚልክ ሥራ ነበረው። ሠራተኞቹ ወደዚያ ማከማቻ ሲሄዱ ያገኙት ባዶውን ነው። ቅጂ የሚያወጣው pg_dump የተባለው ፕሮግራም የ9.2 ስሪት ሲሆን ዳታቤዙ ግን 9.6 ነበር። ስሪቶቹ ስላልተጣጣሙ ሥራው በጀመረ ቁጥር ስህተት እያሳየ ይቆም ነበር። ሲቆምም ኢሜይል ይልካል፤ ነገር ግን ላኪውን የሚያረጋግጠው ዲማርክ የተባለ አሠራር ለእነዚህ ኢሜይሎች ስላልተዘረጋ ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሳቸው አንዱም ለሰው ሳይደርስ ቀረ። ድርጅቱን ያተረፈው መሐንዲሱ ለሌላ ጉዳይ ብሎ ከአደጋው 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የእነዚያ 6 ሰዓታት መረጃ ግን አልተመለሰም።

እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጠፋው ፋይል ሳይሆን የተመለሰው ኢሜይል ነው። ጊትላብ ማስጠንቀቂያ ነበረው። ማስጠንቀቂያው ግን የተሠራው «ሲበላሽ ንገረኝ» በሚል ሐሳብ ነው። እንዲህ ሲሆን የመናገሩ ኃላፊነት የሚወድቀው በተበላሸው ነገር ላይ ነው፤ የተበላሸ ነገር ደግሞ መናገርም ሊያቅተው ይችላል። ሰርቨሩ መብራት ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ጭራሹን ላይጀመር ይችላል። ያልተጀመረ ሥራ ደግሞ የስህተት መልእክት አይልክም።

ባለሙያዎች «የልብ ምት» የሚሉት ቁጥጥር ነገሩን ይገለብጠዋል። ሥራው በተሳካ ቁጥር ውጭ ላለ ጠባቂ «ደኅና ነኝ» የምትል አጭር ምልክት ይልካል። ጠባቂው ምልክቷን ሲቀበል ለማንም ምንም አይናገርም፤ ሰዓቱን መዝግቦ ዝም ይላል። በተጠበቀው ጊዜ ውስጥ ካልመጣች ግን ባለቤቱን ይቀሰቅሳል። ልጇ ከቤሩት በየእሁዱ የምትደውልላት እናት የምታደርገው ይኸንኑ ነው፦ ሰኞ ጠዋት የሚያስጨንቃት የደረሳት ክፉ ወሬ ሳይሆን ያልደረሳት ስልክ ነው። ለጠባቂው ልጅቷ ለምን እንዳልደወለች ማወቅ አያስፈልገውም። ካርድ አልቆባትም ይሁን ታማ፣ ዝምታው ራሱ በቂ ምልክት ነው።

አሠራሩን በቅርብ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ዋጋውን በድረ ገጹ ላይ በብር ያሳያል እንበል። ገጹ በየሥራ ቀኑ ጠዋት የዕለቱን የዶላር ምንዛሪ ከባንክ ገጽ አምጥቶ ያድሳል። ይህ እድሳት ቢቆም ገጹ አይሰበርም፤ የትናንቱን ቁጥር ማሳየቱን ይቀጥላል። ገዢውም ሻጩም ቁጥር ያያሉ፤ አሮጌ መሆኑን ግን የሚነግራቸው የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ባወጀ ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ዶላር ከ57.5 ብር ገደማ ወደ 74.7 ብር ገደማ ወጥቷል። ያን ዕለት እድሳቱ ያልሠራለት ገጽ የ1,000 ዶላር ዕቃ ላይ 17,200 ብር ያህል አሳንሶ ያሳይ ነበር ማለት ነው።

እድሳቱን የሚሠራው ስክሪፕት ዋና ፈንክሽን ውስጡ ይህን ይመስላል፦

```
curl -fsS "$SOURCE" -o new.json || return 1
grep -q "$(date +%F)" new.json || return 1
mv new.json rate.json
```

የመጀመሪያው መስመር መረጃውን ያመጣል። እዚያ ላይ ያለችው `-f` ትንሽ ብትመስልም ሥራዋ ትልቅ ነው፤ እሷ ከሌለች የባንኩ ሰርቨር «ችግር ገጥሞናል» የሚል ገጽ ቢመልስ እንኳ ፕሮግራሙ ያንኑ ገጽ ተቀብሎ ተሳክቷል ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው መስመር በመጣው ፋይል ውስጥ የዛሬው ቀን መኖሩን ያጣራል። የባንኩ ገጽ ሳይበላሽ የትናንቱን ተመን ሊሰጥ ስለሚችል ይህ ማጣሪያ ግድ ነው። አዲሱ ፋይል በአሮጌው ቦታ የሚተካው ሁለቱን ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ፈንክሽኑ ካልተሳካ ስክሪፕቱ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ይሞክራል፤ እስከ 6 ጊዜ ድረስ። ሥራውን በየዕለቱ የሚያስነሳው ክሮን ውስጥ ደግሞ ይህ ይጻፋል፦

```
30 6 * * 1-5 /opt/rate/refresh.sh && curl -fsS -m 10 --retry 3 -o /dev/null "$PING_URL"
```

እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው `&&` በምትለው ምልክት ላይ ነው። ትርጉሟ «የፊተኛው ከተሳካ ብቻ ቀጣዩን አድርግ» ነው። በእሷ ፋንታ `;` ቢጻፍ ምልክቱ ሥራው ቢሳካም ባይሳካም ይላካል፤ ጠባቂውም «ሁሉ ደኅና» እያለ ይኖራል። ምልክቱን በሥራው መጀመሪያ ላይ የሚልኩም አሉ። እነሱ የሚያውቁት ሥራው መጀመሩን ነው፤ መፈጸሙን አይደለም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ክሮኑ ላይ የተጻፈው 6:30 የአብዛኛው ሰርቨር ሰዓት በሆነው በዩቲሲ ነው። በአዲስ አበባ በፈረንጅ አቆጣጠር 9:30፣ በእኛ ደግሞ ከጠዋቱ 3:30 መሆኑ ነው። አንዱን ቅጽበት ሦስት ቁጥሮች ስለሚጠሩት ጠባቂው የሚጠብቅበት ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ሰርቨሩ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ሰዓት ከተሞላ በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ ሰዓት ወዲያና ወዲህ ይላል፤ በዩቲሲና በኢትዮጵያ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ግን ዓመቱን ሙሉ 3 ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ 3:30 ከሆነ ስድስተኛውና የመጨረሻው ከጠዋቱ 4:45 ላይ ይውላል። ስለዚህ ለጠባቂው «ከሰኞ እስከ ዓርብ 3:30 ላይ ምልክት ጠብቅ፤ 90 ደቂቃ ታገሥ» እንለዋለን። እስከ 5:00 ሰዓት ምልክት ካልመጣ ያስጠነቅቃል። የባንኩ ገጽ 3:30 ላይ ባይከፈትና 4:00 ላይ ቢከፈት ማንም አይቀሰቀስም፤ መቀስቀስም የለበትም። ባለቤቱን የሚያሳስበው ገጹ ላይ ያለው ተመን የዛሬ መሆኑ ነው፤ ያልተሳካች አንዲት ሙከራ አይደለችም። ለእያንዳንዷ ሙከራ መልእክት የሚደርሰው ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ማንበብ ይተዋል። በየቀኑ «ተሳክቷል» የሚል ኢሜይል የሚደርሰውም ሰው አንድ ቀን መቅረቱን ልብ አይልም።

የትዕግሥቱን ልክ የሚወስነው ታዲያ አሮጌ መረጃ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ነጋዴው ደንበኞቹ የሚበዙት ከሰዓት በኋላ ከሆነ 5:00 ሰዓት ላይ ማወቁ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጠዋል። ጠዋት 4:00 ላይ የሚሸጥ ከሆነ ግን ሙከራዎቹን መቀነስ ወይም ማቀራረብ አለበት። «በየ24 ሰዓቱ» ብሎ መሙላት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቅዳሜና እሁድ እድሳት ስለሌለ በየሳምንቱ ቅዳሜ የሐሰት ጥሪ ይመጣል። በዓላትም አሉ። ገና ጃንዋሪ 7 ቀን ስለሚውል አስቀድሞ ይታወቃል፤ የስቅለት ዓርብ በየዓመቱ ይዘዋወራል፤ ዒድ ደግሞ በጨረቃ መታየት ይወሰናል። በእነዚህ ቀናት አዲስ ተመን ካልወጣ የቀኑ ማጣሪያ አያሳልፍም፤ ጠባቂውም ይጮኻል። ከዋዜማው ለአንድ ቀን ማቆም ይቻላል። ከተረሳም በዓመት ጥቂት የሐሰት ጥሪዎችን መታገሥ የቀኑን ማጣሪያ ከማንሳት ይሻላል።

የጠባቂውም ቦታ ወሳኝ ነው። ጠባቂው እድሳቱን በሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ የመሥሪያ ቤቱ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ በሌላ ሰርቨር፣ ቢቻል በሌላ ከተማ መሆን አለበት። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ አገልግሎቶች አሉ፤ ለአነስተኛ አጠቃቀም በነፃ የሚሠራው healthchecks.io አንዱ ነው። ጥሪው የሚደርስበትም መንገድ እንዲሁ ይታሰብበት። ቴሌግራም ለብዙዎቻችን ይቀርባል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ዝም ስለሚል ከጎኑ የስልክ ጥሪ ወይም የጽሑፍ መልእክት መጨመር ይበጃል። መልእክቱ «ምልክት አልመጣም» ብቻ ባይል መልካም ነው፤ የትኛው ሥራ እንደሆነና ለመጨረሻ ጊዜ የተሳካው መቼ እንደሆነ ይናገር። ሰኞ 5:00 ሰዓት ላይ «የመጨረሻው የተሳካ እድሳት ዓርብ 3:31» የሚል መልእክት ያየ ነጋዴ ምክንያቱን ሳያውቅ እንኳ በመጀመሪያ የዋጋ ገጹን ዘግቶ ከዚያ ወደ ምርመራው መግባት ይችላል።

ይህ ቁጥጥር የማያየውም ነገር አለ። በፋይሉ ውስጥ የዛሬው ቀን ተጽፎ ቁጥሩ ግን የተሳሳተ ቢሆን፣ የልብ ምቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። 74.7 የነበረው 7.47 ሆኖ ቢመጣ የሚይዘው ሌላ ማጣሪያ ነው፤ ለምሳሌ ተመኑ ከትናንቱ ከ10 በመቶ በላይ ከተለየ አዲሱን ፋይል የማይቀበል አንድ መስመር። ይህ መስመር ሐምሌ 22 ቀን የወጣውን እውነተኛ ተመንም ይመልሰው ነበር። ያን ጊዜ ግን ምልክቱ ስለማይላክ ባለቤቱ ይጠራል፤ አይቶም በእጁ ያጸድቃል።

ይህን ቁጥጥር ለሥራችሁ የምትዘረጉ ሁሉ፣ ከዘረጋችሁት በኋላ አንድ የሥራ ቀን መርጣችሁ ክሮኑን ሆን ብላችሁ አጥፉት። ስልካችሁ በተባለው ሰዓት ካልጮኸ፣ የሚጠብቅላችሁ የለምና ጠባቂው ከሚጠብቅበት ሰዓትና ጥሪው ከሚደርስበት መንገድ ጀምሩና እንደገና አረጋግጡ።