የሲዚየም ግራፍ ሲነበብ

ሲዚየም-137 የሚታወቅበት ጋማ ጨረር ጉልበቱ 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ሲለካ ግን ግራፉ ላይ ተራራ፣ ሜዳና ጉብታ ይታያል። ክሪስታሉ በብልጭታ የሚቆጥረው ጨረሩ ይዞት የመጣውን ሳይሆን ውስጡ ትቶት የሄደውን ጉልበት ነውና።

ሁሉንም ከተወ 662 ላይ ይመዘገባል፤ ዋናው ጫፍ ይህ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ገጭቶ ካመለጠ ግን የሚተወው ከፊሉን ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ ኋላ ቢነጥር እንኳ 184 ያህሉን ይዞ ስለሚወጣ፣ ሜዳው 477 አካባቢ ቁልቁል ይወርዳል።

ጀማሪን የሚያሳስተው 184 አካባቢ ያለው ጉብታ ነው፤ ሌላ ንጥረ ነገር የተገኘ ይመስላል። በእርግጥ ግን ከጠረጴዛው ወይም ከእርሳስ መከለያው ነጥሮ ወደ ክሪስታሉ የተመለሰ ጨረር ነው። መከለያውን ራቅ ሲያደርጉት ጉብታው ካነሰ፣ ምንጩ ታወቀ ማለት ነው።

ጉልበቱ ከ1022 የሚበልጥ ጨረር ደግሞ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሊፈጥር ይችላል። ፖዚትሮኑ ሲጠፋ ሁለት ባለ 511 ጨረሮች ይወጣሉ። የታሊየም-208 ዋና ጫፍ 2614 ላይ ነው፤ አንዱ ጨረር ከክሪስታሉ ካመለጠ 2103 ላይ፣ ሁለቱም ካመለጡ 1592 ላይ ታናናሽ ጫፎች ይወጣሉ። በሲዚየም ግራፍ ላይ እነዚህን መፈለግ ከንቱ ነው፤ ጉልበቱ አይደርስም።