በ57 እና በ100 ብር መካከል የነበረው ክፍተት

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሸኘ ቤተሰብ ብዙ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ከውጭ የሚላክ ዶላር ሁለት ዋጋ ነበረው፤ በባንክ 57 ብር ገደማ፣ በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ። በ75 ወይም በ80 ብር የሚመነዝር ሰው ማግኘት ግን ከባድ ነበር።

የገበያ ተንታኞች «ቮልዩም ፕሮፋይል» የሚሉት ሥዕል እንዲህ ያለውን ሁኔታ ለማየት ይጠቅማል። የተለመደው የዋጋ ሥዕል ዋጋው መቼ የት እንደነበር ይነግረናል። ይህኛው ሰዓቱን ትቶ በእያንዳንዱ ዋጋ ምን ያህል እንደተሸጠ ይደምራል። ዋጋዎቹ ከታች ወደ ላይ ይደረደራሉ፣ በየዋጋው የተሸጠው መጠን በአግድም ይሰመራል። ለማሳያ ያህል፣ ከተመነዘረ 1,000 ዶላር 350ው በ57 ብር፣ 600ው በ110 ብር አካባቢ፣ የቀረው 50 ዶላር በመካከል ነው እንበል። ሁለት ጉብታና አንድ ሰፊ ክፍተት ይወጣል።

ጉብታው ገዢና ሻጭ ተስማምተው የቆዩበት፣ ገበያው የተቀበለው ዋጋ ነው። ክፍተቱ ደግሞ አንዱ ወገን እምቢ ስላለ ገበያው ሳይቆይበት ያለፈው ዋጋ ነው። ዋጋው ተመልሶ ጉብታ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ እዚያው ይንገላወዳል። ክፍተት ጋ ሲደርስ ግን ወይ ወደመጣበት ይመለሳል፣ ወይ የሚይዘው ገዢና ሻጭ ስለሌለ ፈጥኖ ይሻገራል።

መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋውን ለገበያ ሲለቅ የንግድ ባንክ ዋጋ በዚያው ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ዘለለ። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ባካሄደው ልዩ ጨረታ አማካዩ ዋጋ 107.9 ብር ሆነ። ክፍተቱ በዐሥር ቀን ውስጥ ታለፈ።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ያ ክፍተት ባዶ የሆነው ሰዎች 80 ብርን ሞክረው ስላልተቀበሉት አይደለም። ባንኩ ከተተመነው በላይ መክፈል አይፈቀድለትም ነበር፤ ጥቁር ገበያው ደግሞ በዚያ ዋጋ የሚሸጥ አልነበረውም። ሁለት የተለያዩ ገበያዎችን በአንድ ሥዕል ደርበን ነው ክፍተት ያየነው። እውነተኛ እምቢታን ለመለየት፣ በዚያ ዋጋ መገበያየት ይቻል እንደነበር፣ ዋጋውም በእርግጥ እዚያ ደርሶ በጥቂት ግብይት ብቻ ተገፍቶ መመለሱን ማየት ይገባል። ዋጋው ወደ ክፍተቱ ገብቶ ቆይቶ መጠኑ እየተጠራቀመ ከሄደ ደግሞ ቀድሞ የተገፋው ዋጋ ተቀባይነት እያገኘ ነው፤ የድሮውን ሥዕል ይዞ መከራከር ያከስራል።

ከዚህም ሌላ የጥቁር ገበያን መጠን የሚመዘግብ የለም፤ ከላይ ያሉትን 350 እና 600 እንደ ምሳሌ ያስቀመጥኩትም ለዚህ ነው። ዘዴው የሚሠራው እያንዳንዱ ሽያጭ ከነመጠኑ በሚመዘገብበት ቦታ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለዚህ ይቀርባል፤ ቡናው በደረጃና በመገኛ ተለይቶ ይሸጣልና። ነገር ግን የታጠበና ያልታጠበ ቡናን፣ ወይም ሁለት ደረጃዎችን አንድ ላይ የደመረ ሰው ልክ እንደ ዶላሩ ሁለት ጉብታ ያገኛል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም የጥራት ልዩነት እንጂ ማንም እምቢ ያለው ዋጋ አይሆንም።