ስምንት ሰከንድ ለአንድ ሊስትሮ

«አንድ ሊስትሮ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ጫማ ሲያጸዳ፤ ሲኒማቲክ፣ ስሜት የሚነካ፣ አስደናቂ የካሜራ እንቅስቃሴ ያለው።» ጽሑፍን ወደ ቪዲዮ ለሚቀይር የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ እንዲህ ብላችሁ ብታዙ ቪዲዮ ይመጣላችኋል፤ ጥራቱም ሊያስገርማችሁ ይችላል። ችግሩ የሚታየው ደግማችሁ ስታዩት ነው። ልጁ ካሜራውን እያየ ፈገግ ይላል። ብሩሹ ጫማውን ሳይነካ አየር ላይ ይመላለሳል። ካሜራው ያለ ምክንያት ይዞራል። እናንተ ያሰባችሁት የክረምት ማለዳ ሆኖ ሳለ ጎዳናው በማታ ፀሐይ ወርቅ መስሏል።

ነገሩን ለመረዳት እነዚህ ሞዴሎች እንዴት እንደሚሠለጥኑ ማወቅ ይበቃል። የሚማሩት ከቪዲዮና ቪዲዮውን ከሚገልጽ ጽሑፍ ጥንድ ነው። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ሶራን ሲያስተዋውቅ ባወጣው ቴክኒካዊ ጽሑፍ፣ በመጀመሪያ ቪዲዮ አይቶ ዝርዝር መግለጫ የሚጽፍ ሌላ ሞዴል እንዳሠለጠነ፣ በዚያም ለማሠልጠኛ ቪዲዮዎቹ ሁሉ መግለጫ እንዳስጻፈ አስረድቷል። ተጠቃሚው የሚጽፈውን አጭር ትእዛዝም በቋንቋ ሞዴል አስረዝሞ ለሶራ እንደሚያቀብል እዚያው ተናግሯል። ስለዚህ እናንተ ባዶ የተዋችሁትን ቦታ ሌላ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም ብዙ ጊዜ ባየው ነገር ነው። ፈገግታና የማታ ፀሐይ ደግሞ በየቪዲዮው የሞሉ ናቸው።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ ደንብ አንድ ነው፤ ቪዲዮው ተሠርቶ ያለቀ ይመስል፣ ያላየው ሰው በዓይነ ሕሊናው እንዲያየው አድርጎ መግለጽ። «ስሜት የሚነካ» በስክሪን ላይ የሚታይ ነገር አይደለም። «አስደናቂ የካሜራ እንቅስቃሴ»ም ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። «ሲኒማቲክ» የሚለውንማ እኔ ከትእዛዝ ውስጥ አውጥቼ ብጥለው አንድም ነገር የሚጎድል አይመስለኝም፤ ጀርባውን ከማደብዘዝና ቀለሙን ከማድመቅ ሌላ ብዙም አያመጣም።

በመጀመሪያ እንቅስቃሴውን እንያዝ። ጉግል እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ድምፅ ጨምሮ ያወጣው ቪዮ 3 በአንድ ጊዜ የሚሠራው 8 ሰከንድ ያህል ነው፤ የቻይናው ክሊንግ ደግሞ 5 ወይም 10 ሰከንድ ማስመረጥ የተለመደ አሠራሩ ነበር። በ8 ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ድርጊት ይገባል? ሰዓት ይዛችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ሊስትሮው ጫማ ይቦርሻል፣ ሳጥኑን ይመታል፣ ደንበኛው እግሩን ይቀይራል፣ ልጁ ቀለም ይቀባል፣ ሒሳብ ይቀበላል ብትሉ ሰውም ቢሆን በ8 ሰከንድ አይጨርሰውም። ሞዴሉ ግን አይበዛም አይላችሁም፤ ድርጊቶቹን አንዱን በሌላው ላይ ያደራርባቸዋል። በተለይ «እግሩን ይቀይራል» የሚለው አደገኛ ነው። ሁለት እግሮች ሲተላለፉ አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም ሦስተኛ እግር ብቅ ይላል።

ለእኛ ትዕይንት ሦስት ድርጊት ይበቃል። ልጁ የጫማውን አፍንጫ ይቦርሻል፣ ያቆማል፤ በብሩሹ ጀርባ ሳጥኑን ኳ ኳ ያደርጋል፤ ቀና ብሎ ያያል። ያቺ ኳኳታ «እግር ቀይር» ማለት መሆኗን የከተማችን ሰው ሳይነገረው ያውቃል። ሞዴሉ ይህን ልማድ ያውቃል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም፤ ምልክትነቷን ብትነግሩት እጁን ሊያወዛውዝ ይችላል። ስለዚህ ትርጉሟን ትታችሁ ድርጊቷን ብቻ ግለጹ፤ በምን፣ ምኑን፣ እንዴት እንደሚመታ። ሁለት ጊዜ ብላችሁ ሦስት ጊዜ ቢመታ አትደነቁ፤ መቁጠር ድክመታቸው ነው።

የድርጊቱ ቅደም ተከተል በትእዛዙ ውስጥም እንደ ጊዜው ይሰለፍ። የግሡ ዓይነትም ፍጥነትን ይወስናል። «ያጸዳል» ሰፊ ነው፤ በጨርቅ ማሸትም፣ በውኃ ማጠብም፣ መቦረሽም ይሆናል። «አጠር አጠር ባለና እኩል በሆነ ምት ይቦርሻል» ሲባል ግን እጁ ምን እንደሚያደርግ ይታያል።

የሊስትሮ ሥራ ሁሉ መዳረሻው አቧራማው ጫማ ማንጸባረቁ አይደለም? እንግዲህ ይህን መጠየቅ የለባችሁም። ኦፕንኤአይ ገና በመጀመሪያው ማስታወቂያው ሶራ የሚሳሳትበትን ሲዘረዝር፣ ብስኩት የገመጠ ሰው ከገመጠ በኋላ ብስኩቱ ላይ የጥርስ ምልክት ላይታይ እንደሚችል ጠቅሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡት የተሻሉ ቢሆኑም፣ አንድ ነገር በድርጊት ምክንያት ቀስ በቀስ መልኩን የሚቀይርበት ትዕይንት አሁንም ያስቸግራቸዋል። ጫማው ብሩሹ ሳይደርስበት ያንጸባርቃል፣ ወይም ቡናማው ድንገት ጥቁር ይሆናል። መፍትሔው የፊልም ሠሪዎች የቆየ ዘዴ ነው፤ አቧራማውን ጫማ በአንድ ቪዲዮ፣ የጠራውን በሌላ ሠርቶ መቁረጥና መቀጠል። ተመልካች መሐሉን ራሱ ይሞላዋል።

ካሜራውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሰናከለው የካሜራውን እንቅስቃሴ ከሰውየው እንቅስቃሴ ጋር ሲቀላቅለው ነው። «ወደ ግራ ይዞራል» ሲባል የሚዞረው ልጁ ነው ወይስ ካሜራው? ግራውስ የማን ግራ ነው? ራንዌይ ለተጠቃሚዎቹ ባዘጋጀው መመሪያ የካሜራውን ነገር ከፊት አስቀድሞ ከትዕይንቱ መለየትን ይመክራል። እኔም የካሜራውን ዓረፍተ ነገር ለብቻው እንድታቆሙት እመክራለሁ። ውስጡም ሦስት ነገር ይኑረው፤ ካሜራው የት ከፍታ ላይ እንደተቀመጠ፣ በምን ፍጥነት ወዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ በመጨረሻ ምን ላይ እንደሚያርፍ። ሦስተኛውን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ማረፊያ ያልተነገረው ካሜራ ነው ዝም ብሎ የሚንሳፈፈው።

ሊስትሮን ቆሞ የሚያየው ደንበኛ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው። ካሜራውን ከጫማው ከፍታ ላይ ብናስቀምጠው፣ ማለትም ሎው አንግል ብናደርገው፣ ልጁ ይገዝፋል፤ ደንበኛው ጫማና የሱሪ ጫፍ ብቻ ይሆናል። የትዕይንቱ ስሜት ግማሹ ከዚህ ይመጣል። እንቅስቃሴው ደግሞ አንድ ብቻ ይሁን፤ ቀስ ያለ ዶሊ ኢን፣ ማለትም ካሜራው ራሱ ወደፊት የሚጠጋበት። ይህ ከዙም የተለየ ነው። ዙም ሲደረግ ልጁም ከኋላው ያለው ግድግዳም አብረው ይተልቃሉ። ካሜራው ራሱ ሲጠጋ ግን ቅርቡ በፍጥነት፣ ሩቁ በዝግታ ያድጋል፤ ተመልካቹም ወደ ቦታው የገባ ያህል ይሰማዋል። ሞዴሉ የትኛውን እንደሠራላችሁ ለማወቅ ዓይናችሁን ከልጁ ላይ አንሥታችሁ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ተከታተሉ።

በተቃራኒው ካሜራው እንዲቆም ስትፈልጉ «ካሜራው አይንቀሳቀስ» አትበሉ። «ካሜራው በትራይፖድ ላይ የቆመ፣ ፍሬሙ የማይለወጥ» ማለት ይሻላል። በትእዛዙ ውስጥ የተጠራ ነገር ተከልክሎም ቢሆን ሊመጣ ይችላል። የራንዌይ መመሪያም አሉታዊ አነጋገር የታሰበውን ተቃራኒ ሊያመጣ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አንዳንድ መሣሪያዎች የማይፈለገውን ነገር የሚጽፉበት ሌላ ሣጥን አላቸው። እዚያ ውስጥ «ፈገግታ» ይጻፋል እንጂ «ፈገግ አይበል» አይጻፍም።

ወደ ስሜቱ ስንመጣ፣ «ያዘነ ልጅ» ካላችሁ የሚመጣው እንባ ያቀረረ፣ ቅንድቡ የተኮሳተረ ፊት ነው፤ እንደ መጥፎ ተዋናይ። ጭጋጋም ሰማይ፣ ዝናብ ያራሰው አስፋልት፣ ለስላሳና ግራጫ ብርሃን፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም፣ ከልጁ ጀርባ በሩቁ የሚያልፉ መንገደኞች ሲጻፉ ግን ፊቱ ምንም ሳይናገር ብቸኝነቱ ይታያል። መንገደኞቹ በጀርባው ይለፉ ማለቴ በምክንያት ነው። በካሜራውና በልጁ መሐል ካለፉ ለአፍታ ይጋርዱታል፤ ከተጋረደ በኋላ ሲገለጥ ብሩሹ ሌላ እጅ ውስጥ ሊገኝ፣ ሸሚዙም ሌላ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ መሣሪያዎች በአማርኛ የተጻፈን ትእዛዝ ሊቀበሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን የካሜራ ቃላቱ በእንግሊዝኛ ሲሆኑ ይበልጥ ይገቧቸዋል። የተነጋገርንበት ሁሉ አንድ ላይ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```
Camera at shoe height, low angle, slow dolly in,
ending close on the boy's face.
A teenage shoeshine boy sits on a low stool on a wet
Addis Ababa sidewalk. A man's brown leather shoe rests
on his wooden box. The boy brushes the toe with short,
even strokes, stops, taps the box twice with the back
of the brush, then looks up.
Blurred pedestrians pass far behind him.
Overcast morning after rain, soft grey light, muted colors.
```

«አዲስ አበባ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አዲስ አበባን አያመጣም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው የትኛውም የአፍሪካ ከተማ ሊሆን የሚችል፣ ቀይ አፈርና የገበያ ጥላ የሞላበት ጎዳና ነው፤ ያናድዳል። ከዚህ የሚሻለው መንገድ ቦታውን ራሳችሁ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ መጀመሪያው ፍሬም እንዲሆን መስጠት ነው። ፎቶ ከሰጣችሁ በኋላ ግን ትእዛዙ ያጥራል። መልኩን፣ ልብሱንና ብርሃኑን ፎቶው ስለተናገረ መድገም አያስፈልግም፤ የሚጻፈው የልጁና የካሜራው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ደረቅ አስፋልት እያለ ጽሑፉ «እርጥብ» ካለ ሁለቱ ይጣላሉ፤ መንገዱም ዓይናችሁ እያየ ውኃ ያፈልቃል። በፎቶው ያለው ሰው እውነተኛ ልጅ ከሆነ ደግሞ ራሱም ቤተሰቡም ሳይፈቅዱ መጠቀም አይገባም።

ውጤቱ ሲመጣ ለማስተካከል አትቸኩሉ። ያው ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ሲላክ ሁለት የተለያየ ቪዲዮ ይወጣል፤ ሥራው የሚጀምረው ከዘፈቀደ ነጠብጣብ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ቃል ከመቀየራችሁ በፊት ያንኑ ትእዛዝ ደግማችሁ አስሠሩት። ስሕተቱ አንዴ ብቻ ከታየ የዕድል ነገር ነው፤ በሁሉም ላይ ከተደጋገመ ከቃሉ ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ካሜራውንም ብርሃኑንም አብራችሁ ከቀየራችሁ ያሻሻለው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። መነሻውን ነጠብጣብ የሚወስነውን ሲድ የሚባል ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ከሆነ ቁጥሩን ሳትነኩ ቃሉን ብቻ ብትለውጡ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። አብዛኞቹ በሰከንድ ስለሚያስከፍሉ፣ አጭሩንና ዝቅተኛ ጥራት ያለውን ለሙከራ፣ ረጅሙን ለመጨረሻው መተው ኪስን ይጠብቃል።

ፍተሻውም በፍሬም ይሁን። በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ 8 ሰከንዱ 192 ፎቶ ነው። አቁማችሁ እየገፋችሁ ሦስት ቦታ እዩ፤ ብሩሹ ጫማውን የሚነካበትን፣ ጣቶቹ ብሩሹን የያዙበትን፣ ልጁ ቀና ሲል አንገቱንና ዓይኑን። የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ነው። ልጁ ቀና ካለ በኋላ የሚሠራው ሲያጣ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ቪዲዮውን እዚያ ላይ፣ ዓይኑ ካሜራው ጋ በደረሰበት ፍሬም ቁረጡትና የጠራውን ጫማ ቪዲዮ ከዚያ ቀጥሉ።